ሥራው ለዘገየ ባልደረባ ምን ብለሽ ትጽፊለታለሽ? ሙሉውን ትተሽ ሌላ ሰው የሚጠብቀውን ቁራጭ ጠይቂው

ጥያቄ፦ «ባልደረባዬ ባለፈው አርብ ማስረከብ የነበረበትን የዳታ ሠንጠረዥ አላስረከበም። በሠንጠረዡ ላይ ተመሥርታ የሪፖርቱን ግራፎች የምትሠራው ልጅ ሥራ ፈትታ እየጠበቀች ነው። እኔ አስተባባሪ ነኝ እንጂ አለቃው አይደለሁም፣ ደግሞም ጥሩ ነው ግንኙነታችን። ትናንት ‹ሠንጠረዡስ?› ብዬ ጽፌለት ‹እየሠራሁት ነው› ብሎኝ ዝም አለ። ሳላስቀይመው ግን ሥራው እንዲወጣ ምን ብዬ ልጻፍለት?»

መልስ፦

የኔም ሥራ ማስተባበር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የምጽፈው እንደዚህ ዓይነት መልእክት ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ የትናንቱን እንየው። «ሠንጠረዡስ?» ስትዪው የጠየቅሽው ሥራው ያለበትን ሁኔታ ነው፣ እሱም ያለበትን ሁኔታ ነገረሽ፣ እየሠራሁት ነው አለሽ፣ በቃ። መቼ ብለሽ አልጠየቅሽውም፣ የቱን ክፍል አላልሽውም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሠንጠረዡን የሚጠብቅ ሰው እንዳለ አልነገርሽውም። በሱ በኩል ሆነሽ ስታዪው አርብ መጣ፣ አርብ አለፈ፣ ምንም አልተፈጠረም፣ ማንም አልደወለም። እንዲህ ሲሆን ሰው ቀኑ ያን ያህል የጠበቀ አልነበረም ማለት ነው ብሎ ይደመድማልና ሌላ የሚጮኽበትን ሥራ ያስቀድማል። አብዛኛው የዘገየ ሥራ የሚዘገየው በንቀት አይደለም፣ እዚያ ማዶ ሰው እጁን አጣጥፎ እንደተቀመጠ ባለማወቅ ነው። ስለዚህ መልእክትሽ ይህንን ማሳወቅ አለበት፣ መዘግየቱንማ እሱ ራሱ ያውቀዋል።

ግን ከመጻፍሽ በፊት አንድ ሌላ ሰው ጋ ሂጂ፣ ግራፍ ሠሪዋ ጋ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄንን ነው። እሷን «ሠንጠረዡ ሙሉ ለሙሉ እስኪያልቅ የግድ ትጠብቂያለሽ ወይስ የተወሰነው ቢመጣልሽ ትጀምሪያለሽ? ያለ የትኛው ጭራሽ መንቀሳቀስ አትችዪም? ከደረሰሽ በኋላስ ስንት ቀን ይፈጅብሻል?» ብለሽ ጠይቂያት። ዝርዝሩን ስላልነገርሽኝ እኔ አንድ ምሳሌ ልፍጠርና በሱ እንሂድ። ሠንጠረዡ የ6 ቅርንጫፎችን የዓመት ዳታ የሚይዝ ነው እንበል፣ ዛሬ ደግሞ ማክሰኞ ነው። ልጅቷ ምን ብትልሽ ጥሩ ነው፣ «እኔኮ ስድስቱንም አሁን አልፈልግም፣ የዓምዶቹ አርእስት ካለቀና የ3 ወይም የ4 ቅርንጫፍ ቁጥር ካለኝ ግራፎቹን በሙሉ አዘጋጃለሁ፣ የቀሩት ሲመጡ ቁጥሩን ማስገባት ብቻ ነው፣ የሚያስቸግረኝ ዓምዱ መሀል ላይ ከተቀየረ ነው»። አየሽ፣ ነገሩ አሁን ተለወጠ። እስካሁን አንቺ ልትጠይቂው ያሰብሽው ሙሉ ሠንጠረዥ ነበር፣ እሱም ሙሉውን ለመጨረስ እየታገለ ይሆናል፣ የሚፈለገው ግን ግማሹ ወይም ከግማሽ ትንሽ የሚበልጥ ነገር ነው። ሙሉውን ሥራ ላልጨረሰ ሰው ሙሉውን መጠየቅ የባሰ ያሸሸዋል፣ ቁራጩን መጠየቅ ግን ዛሬውኑ ሊሰጥሽ የሚችለውን ነገር መጠየቅ ነው።

ከዚያ ቀኑን ከኋላ ወደፊት ቁጠሪ። ሪፖርቱ የሚላከው ሰኞ ከሆነ፣ ገጽ አቀናባሪው ደግሞ አርብን ሙሉ የሚፈልግ ከሆነ፣ ልጅቷ ግራፎቹን ለመሥራት ረቡዕንና ሐሙስን ያስፈልጋታል ካለች፣ ቁራጩ መድረስ ያለበት ረቡዕ ጠዋት ሥራ ስትጀምር ነው። ይቺ ሰዓት ናት መልእክቱ ውስጥ የምትገባው። የአርቡ ቀን አልፏል፣ ያለፈ ቀን ደግሞ ምንም አያሠራም፣ ሰው እንዲያፍር ብቻ ነው የሚያደርገው። አዲሷ ሰዓት ግን ምክንያት አላት፣ ለምን ረቡዕ ጠዋት ሆነ ቢልሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታስረጂዋለሽ። ትንሽ መጠባበቂያ ልተው ብለሽ የውሸት ቀን እንዳትሰጪው ግን አደራ፣ አንዴ ቀኑ የውሸት እንደነበረ ካወቀ ከዚያ በኋላ የምትሰጪውን ቀን ሁሉ በራሱ ሂሳብ ያስረዝመዋል።

አንድ ሌላ ፈጣን ነገር፣ ፋይሉ መጥቶ እንዳይሆን እዪ። የጋራ ፎልደሩ ውስጥ በሌላ ስም አስቀምጦት ወይም ለልጅቷ በቀጥታ በኢሜይል ልኮላት አይፈለጌ መልእክት ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ደግሞም አርብ የሚለውን ቀን እሱ ራሱ እሺ ብሎ ነበር ወይስ እሱ በሌለበት ስብሰባ ላይ ተወስኖ ነው? እሱ ያልተስማማበት ቀን ከሆነ «አርብ ብለኸኝ ነበር» ብለሽ መጀመርሽ ወደ ክርክር ይወስድሻል።

አሁን መልእክቱ። እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ ነው የምጽፍለት፦

«ሰላም፣ እንዴት አደርክ? ከዳታ ሠንጠረዡ ውስጥ ያለቁትን ቅርንጫፎች እስከ ነገ ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ድረስ ብትልክልን ግራፎቹ ይጀመራሉ፣ አሁን የቆሙት ሠንጠረዡን እየጠበቁ ነው። ሙሉው ባያልቅም ችግር የለውም፣ የ3 ወይም የ4 ቅርንጫፍ ቁጥር ካለና የዓምዶቹ አርእስት ከእንግዲህ የማይቀየር ከሆነ ይበቃል፣ የቀሩትን በኋላ እንጨምራለን። ነገ የሆነበት ምክንያት ግራፎቹ 2 ቀን ስለሚወስዱና አርብ ወደ ገጽ ቅንብር መግባት ስላለባቸው ነው። የቱ የቱ ቅርንጫፍ አልቋል? ከአንዱ ቅርንጫፍ ያልመጣልህ ነገር ካለም ንገረኝ፣ እኔ ደውዬ አመጣዋለሁ።»

ይኸው ነው፣ ስልክ ላይ በአንድ ዕይታ ያልቃል። ለምን እንዲህ እንደሆነ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ቃላቱን እንዳለ ከመገልበጥ አሠራሩን ማወቁ ይጠቅምሻል።

ሰላምታውና ጥያቄው አንድ መልእክት ውስጥ ናቸው። «ሰላም ነህ?» ብለሽ ልከሽ፣ «ደህና ነኝ አንቺስ?» እስኪልሽ ጠብቀሽ፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ልግባ ካልሽ ሰውየው ስብሰባ ላይ ከሆነ ግማሽ ቀን ሄደ ማለት ነው፣ ሲመለስም የሚያገኘው ሰላምታ ብቻ ነው። ጉዳዩ ደግሞ ሰላምታውን ተከትሎ ወዲያው መምጣት አለበት፣ ስልክ ተቆልፎ እያለ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የመጀመሪያው መስመር ወይም ሁለት ነው፣ ብዙ ሰው ደግሞ አሁን ልክፈተው ወይስ በኋላ የሚለውን የሚወስነው በሷ ነው። ያቺ መስመር ላይ ይቅርታና ማሞካሸት ብቻ ካለ በኋላ ይላል።

መዘግየት የሚል ቃል የለበትም፣ ግን እውነቱን አልደበቀም። ግራፎቹ ቆመዋል፣ የቆሙት ሠንጠረዡን እየጠበቁ ነው፣ ይሄ ወቀሳ ሳይሆን የሆነው ነገር ነው። የቆመው ነገር ሥራው እንደሆነ ልብ በዪ፣ ልጅቷን አላነሳኋትም። «እሷ በጣም ተማርራለች» ወይም «እሷ እኮ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ» ካልሽው በሷና በሱ መሀል ቅራኔ ትከያለሽ፣ እሷ ደግሞ ነገ ከሱ ጋር መሥራት ያለባት ሰው ናት።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው ግን ዋናዎቹ። «የቱ የቱ አልቋል?» የሚለው ጥያቄ «እየሠራሁት ነው» ተብሎ አይመለስም፣ ሰውየው የግድ ፋይሉን ከፍቶ ማየት አለበት፣ ፋይሉን ከከፈተ ደግሞ ግማሹ መንገድ አለቀ። ያልመጣልህ ነገር ካለ የሚለው ደግሞ በር ነው። እኔ እንዳየሁት «እየሠራሁት ነው» ብሎ ዝም የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ እሱም ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው፣ ሁለት ቅርንጫፎች ዳታ አልላኩለትም፣ እነሱን መነዝነዝ ሰልችቶታል፣ ላንቺ መናገር ደግሞ ሰበብ የሚደረድር አስመስሎ ያሳፍረዋል። አንቺ ቀድመሽ በሩን ከከፈትሽለት ይነግርሻል። «እኔ ደውዬ አመጣዋለሁ» ያልሽውን ግን የምር ካላደረግሽው አትጻፊው።

ቃላት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚቀየመው በጥያቄው ሳይሆን በአንዲት ቃል ነው። «እስካሁን አልላክከውም እንዴ?» ውስጥ ያለችው እስካሁን፣ «በድጋሚ ላስታውስህ» ውስጥ ያለችው በድጋሚ፣ «ባለፈውም እንዲሁ» የሚለው፣ «ለምን» ብሎ የሚጀምር ነገር ሁሉ፣ እነዚህ ሰውየውን ወደ መከላከል ይከቱታል፣ ከሥራው ይልቅ መልሱን ሲያዘጋጅ ይውላል። «በአስቸኳይ» የሚለውም አይጠቅምሽም፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም ነገር በአስቸኳይ እያለ ስለሚልክ ረቡዕ 3 ሰዓት ማለት ከሱ ይበልጣል።

በሌላው በኩል ያለው ስህተት ግን የባሰ ነው፣ ጨዋ ሰዎች ደግሞ የሚወድቁት እዚህ ነው። «ይቅርታ ላስቸግርህ፣ ሥራ እንደሚበዛብህ አውቃለሁ፣ ሲመችህ፣ ጊዜ ስታገኝ፣ ካልከበደህ ብታይልኝ» ይሉና ጨዋነት ይመስላቸዋል። ሲመችህ ካልሽው ቀኑን አንስተሽ ጣልሽለት፣ አልተመቸኝም ብሎ ሳምንት ቢያቆየው ምንም ማለት አትችዪም፣ ልጅቷም ሳምንቱን ሙሉ ቆማ ትቆያለች። ጨዋነቱን ግሱ ላይ አድርጊው፣ ላክ ከማለት ብትልክልን በዪ፣ ቀኑን ግን አታለስልሺው። ግሱ ለስላሳ፣ ቀኑ ጠንካራ። በዕድሜ የሚበልጥሽና በአንቱታ የምታናግሪው ሰው ከሆነም ያው ነው፣ «ቢልኩልን»፣ «ያልመጣልዎት ነገር ካለ ይንገሩኝ፣ እኔ እደውላለሁ» ትዪና ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት እዚያው ቦታዋ ላይ ትቆያለች። አክብሮት ማለት ቀን አለመናገር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፣ እኔ አልስማማም፣ ትልቅ ሰውን ግልጽ ባልሆነ ነገር ማንከራተት ነው አክብሮት የሌለው።

ሰዓቱን ስትጽፊ ደግሞ ጠዋት ወይም ከሰዓት የሚለውን አትርሺ፣ በስልኩ ሰዓት የሚያነብ አለ፣ በኛ ሰዓት የሚያነብ አለ፣ 3 ሰዓት ብቻ ብትዪው አንዱ ከሰዓት በኋላ ነው ብሎ ይተኛል።

የት ትልኪያለሽ የሚለው፣ ለብቻው፣ ዘወትር በምትጻጻፉበት ቦታ። ግሩፕ ላይ ስሙን ታግ አድርገሽ ከጠየቅሽው ጥያቄው ሠንጠረዡ መቼ ይደርሳል ከሚለው ወጥቶ እሱ በሰው ፊት ምን መሰለ ወደሚለው ይዞራል፣ ምናልባት ፋይሉን ትቀበያለሽ ግን የሚቀጥለውን ችግር ቀድሞ አይነግርሽም። አለቃውን ዝም ብሎ ሲሲ ማድረግም እንደዚያው ነው፣ ክስ ነው፣ ምንም ቃል ባይኖርበትም። በድምፅ መልእክትም አትላኪው፣ ነገ ስንት ሰዓት ነበር ብሎ ሊያይ ቢፈልግ እንደገና ማዳመጥ አለበት። ጠዋት ሥራ ሲገባ ቢደርሰው ጥሩ ነው፣ ቀኑን ገና አላካፈለውማ፣ ማታ ዘግይቶ የተላከ ግን አልጋው ላይ ሆኖ ያነበውና ጠዋት ከሌሎች መልእክቶች ሥር ተቀብሮ ይቀራል።

ልከሻል እንበል፣ ከዚያስ? «እሺ ነገ እልካለሁ» ካለሽ ደስ ብሎሽ አትዝጊው፣ «አመሰግናለሁ፣ ስለዚህ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቢያንስ የ3 ቅርንጫፍ ይደርሰናል ብዬ ለግራፍ ሠሪዋ ልንገራት» በዪው። እሺ ካለ አሁን ቃል የገባው ለሚጠብቀው ሰው ነው፣ እሺ ካላለም የማይሆን መሆኑን ዛሬ አወቅሽ፣ እሱም ቢሆን ትልቅ ጥቅም ነው። «ችግሩ እኮ ሁለቱ ቅርንጫፎች አልላኩልኝም» ካለሽ ደግሞ ነገሩ ግልጽ ሆነ፣ አራቱን አሁኑኑ ይላክ፣ የሁለቱን ስልክ ተቀብለሽ አንቺ ደውዪ። «ዓምዱ ላይ ራሱ አልወሰንኩም» ካለሽስ? ይሄኛው በጽሑፍ አይፈታም፣ እሱንና ግራፍ ሠሪዋን 15 ደቂቃ በስልክ አገናኚያቸውና አርእስቶቹን አብረው ይጨርሱ፣ አንቺ መሀል ላይ ሆነሽ መልእክት ብታመላልሺ ቀኑ ያልቃል።

ዝም ካለ እስከ ረቡዕ አትጠብቂ። መልእክቱ ጠዋት ከተላከ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት አካባቢ ደውዪለት፣ ሁለተኛ መልእክት እንዳትጽፊ፣ ያልተነበበ መልእክት ላይ ሌላ መልእክት መደረብ ጭነት ነው የሚሆነው። ስልኩ ላይም ያው ነው፣ የቱ የቱ አልቋል፣ ምን ቀረህ፣ ነገ ጠዋት የቱን ላግኝ። ከዘጋሽ በኋላ የተስማማችሁትን በአንድ መስመር ጻፊለት፣ «እንዳወራነው ነገ ጠዋት 3 ሰዓት የ4 ቅርንጫፍ ትልካለህ፣ የቀሩትን ሁለቱን እኔ እደውልላቸዋለሁ»።

ስልኩንም ካላነሳ፣ ረቡዕ ጠዋትም ካለፈ፣ አሁን ጉዳዩ ካንቺ አቅም በላይ ነው፣ ምክንያቱም አንቺ የሱን ጊዜ ማዘዝ አትችዪም፣ የሚያዝ ሰው መወሰን አለበት። ግን አለቃው ጋ ከመሄድሽ በፊት ለራሱ ንገሪው፦ «ልደውልልህ ሞክሬ አላገኘሁህም። ግራፎቹ ዛሬ ካልተጀመሩ የሰኞው ቀን ስለሚነካ ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ለኃላፊህ ነግሬ ምን ማስቀደም እንዳለብህ እንዲወስኑ እጠይቃለሁ። ከዚያ በፊት ካየኸው ደውልልኝ፣ አብረን እንፍታው።» ይሄ ማስፈራሪያ እንዳይመስል የሚያደርገው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው፣ ደግሞም ያልሽውን በትክክል ስታደርጊ ነው። ለኃላፊው ስትናገሪም ስለ ባሕርይው አታውሪ፣ «ግራፎቹ ሠንጠረዡን እየጠበቁ ቆመዋል፣ ዛሬ ካልደረሰ ሪፖርቱ ሰኞ አይወጣም፣ ወይ እሱ ሌላውን ሥራ ትቶ ይሄንን ያስቀድም፣ ወይ ሰው ይጨመርለት፣ ወይ ቀኑ ይለወጥ፣ የቱ ይሁን?» በዪ። ሦስት ምርጫ የያዘች አንዲት ጥያቄ ናት፣ ኃላፊ እንደዚህ ሲጠየቅ ይወስናል፣ እከሌ አስቸገረኝ ሲባል ግን ላናግረው ብሎ ያልፋል።

ይሄ ሁሉ የሚሠራው ግን ለአንድ የዘገየ ሥራ ነው። ይኸው ሰው በየወሩ የሚያዘገይ ከሆነ የተሻለ መልእክት በመጻፍ አይስተካከልም፣ ያኔ ምንም የቆመ ሥራ በሌለበት ቀን ቁጭ ብላችሁ ስንት ሥራ እንደያዘና ቀኖቹን ማን እንደሚሰጠው ማውራት ያስፈልጋል።

ልጅቷንም አትርሻት። እሷ አሁን የምታውቀው ምንም እንዳልመጣ ብቻ ነው። «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ቢያንስ የ3 ቅርንጫፍ ይመጣል፣ ካልመጣ እኔ 3 ተኩል ላይ እነግርሻለሁ፣ እስከዚያ ሌላ ሥራሽን ሥሪ» ካልሻት በየሰዓቱ ፎልደር እየከፈተች አትቆይም፣ ለሱም በቀጥታ አትጽፍለትም፣ ከሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ቀን ከደረሰው ደግሞ ረዘም ያለውን ነው የሚይዘው።

ፋይሉ ሲመጣ ከማመስገንሽ በፊት ክፈቺው። ዓምዶቹ ተሟልተዋል? ቁጥሮቹ ቁጥር ናቸው ወይስ «በኋላ ይሞላል» የሚል ጽሑፍ ሴሉ ውስጥ ተቀምጧል? ልጅቷም አይታው ይበቃኛል ካለች በኋላ ነው ጻፊለት የምልሽ፦ «ደርሶናል፣ አመሰግናለሁ፣ ግራፎቹ ተጀምረዋል። የቀሩት ሁለቱ እስከ ሐሙስ ከሰዓት 8 ሰዓት ቢገቡ ይበቃል፣ ለአንዱ ቅርንጫፍ ደውዬለት ዛሬ ማታ እልካለሁ ብሏል፣ እንደመጣ ላንተ አስተላልፈዋለሁ።»